«ከኋላ ነው የገጨሽው» የተባለችው ሹፌር፦ የአንድ አደጋ መግለጫ እንደገና ሲጻፍ

ይህ እውነተኛ ጉዳይ ነው። የሰዎቹን ስም፣ የኢንሹራንሶቹን ማንነትና ቦታውን አላነሳም። ለዓመታት የካሳ ጥያቄ ፋይሎችን ሳይ ኖሬያለሁ። ከእነዚያ ሁሉ ይህን መርጬ የጻፍኩት አንድ ምክንያት ስላለኝ ነው። አደጋው አንድ፣ መኪኖቹም ሁለት ብቻ ናቸው። የተጻፈው መግለጫ ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ያመጡት ውጤት ፍጹም የተለያየ ነበር።

አደጋው

መንገዱ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። ለመሄጃ አንድ፣ ለመምጫ አንድ ረድፍ አለው፤ መኪና የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው። የእያንዳንዱ ረድፍ ስፋት 3.5 ሜትር ነው። በቀኝ በኩል ከሰፈር የሚወጣ ኮረኮንች መንገድ ይገናኘዋል። ከኮረኮንቹ ለሚወጣ ሰው «ቅድሚያ ስጥ» የሚል ምልክት ተተክሏል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው።

ሹፌሯ በአነስተኛ የቤት መኪና ቀጥታ እየሄደች ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች 10 ደቂቃ ገደማ ሆኗታል። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ገና እርጥብ ነው። አንድ ፒካፕ ከኮረኮንቹ ወጥቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ማለትም እሷ ወደምትሄድበት አቅጣጫ፣ እሷው ረድፍ ውስጥ ገባ። ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ተንሸራቶ ከፒካፑ ኋላ ጋር ተጋጨ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

ፒካፑ ከግጭቱ በኋላ ጥቂት ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የእሷ መኪና ከኋላው ቆመ። ትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ ያየው ይህንን ነው፤ አንድ ረድፍ ላይ ተከታትለው የቆሙ ሁለት መኪኖች። ፕላኑም እንዲሁ ተነሳ።

የመጀመሪያው መግለጫ

በማግስቱ የኢንሹራንስ ፎርም ላይ የጻፈችው ይህ ነበር፦

«በ40 ፍጥነት በራሴ መንገድ እየሄድኩ ሳለ ፒካፑ ድንገት ገባብኝ። ፍሬን ብይዝም መንገዱ ስላዳለጠኝ ልተርፍ አልቻልኩም። የፊት ክፍሌ ተጎድቷል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።»

ውሸት የለበትም። ያየችውንና የተሰማትን ነው የጻፈችው። የፒካፑ ሹፌር በበኩሉ «ቆሜ፣ አይቼ፣ ታጥፌ ጨርሻለሁ። ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ሳለ ከኋላ መጥታ ገጨችኝ» ብሎ ጻፈ።

አሁን በካሳ ክፍሉ ሰራተኛ ወንበር ተቀመጡ። አንዱ «ድንገት ገባብኝ» ይላል፣ ሌላው «ታጥፌ ጨርሻለሁ» ይላል። የፖሊሱ ፕላን ተከታትለው የቆሙ መኪኖችን ያሳያል። የእሷ ጉዳት ከፊት፣ የእሱ ከኋላ ነው። እሷ ራሷ መንገዱ እንዳዳለጣት ጽፋለች። ከኋላ የሚገጭ ሰው ርቀቱን አልጠበቀም ተብሎ ነው የሚነሳው። ውሳኔው ሊገርመን አይገባም፤ ተጠያቂነቱ የእሷ ነው ተባለ። የይግባኝ ጊዜው ሳያልቅ በሦስተኛው ቀን ፋይሉን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

ጉድለቱ የቱ ጋ ነበር?

መግለጫውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ርቀት የለበትም። የት ተጋጩ? የት ቆሙ? ፒካፑ ሲመታ ቀጥ ብሎ ነበር ወይስ ገና እየታጠፈ? «የፊት ክፍሌ» ሲባል ግራው ነው፣ ቀኙ ነው፣ ሁሉም ነው?

ከሁሉ የከፋው ግን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች እንደ አንድ መታየታቸው ነው። መኪኖች የተጋጩበት ቦታና መኪኖች የቆሙበት ቦታ አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ጥቂት ሰከንድና ብዙ ሜትር አለ። በዚያ ጊዜ ሹፌር መሪውን ያስተካክላል፣ ወደፊት ይሄዳል፣ ዳር ይይዛል። ፕላኑ የመዘገበው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በፖሊሱ አልፈርድም፤ እሱ የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ቦታ ማሳየት ያለበት መግለጫውን የሚጽፈው ሰው ነው።

ስለዚህ የሚፈለገው ጥያቄ አንድ ሆነ። ሲጋጩ ፒካፑ ቀጥ ብሎ ነበር ወይስ ሰያፍ? ቀጥ ብሎ ከነበረ እሱ ልክ ነው። ሰያፍ ከነበረ ግን መታጠፉን አልጨረሰም፤ ቅድሚያ የነበራትም እሷ ነች።

ወደ ቦታው ስንመለስ

ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና ስልኳ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ይዘን ሄድን። አስፋልቱ ደርቋል። የጎማው ጭረት ጠፍቷል። እርጥብ መንገድ ላይ የሚታይ የፍሬን ምልክት ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ ውሃው ሲደርቅና መኪና ሲመላለስበት ይጠፋል። አንጀቴ ነበር የተቃጠለው።

ያልጠፋ ነገር ግን አገኘን። ኮረኮንቹ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የመንገዱ ትከሻ ጭቃ ነው። ፒካፑ ማዕዘኑን ቆርጦ ሲታጠፍ የቀኝ የኋላ ጎማው በዚያ ጭቃ ላይ አልፏል። ጭቃው ደርቆ የጎማውን ጥርስ እንደ ማህተም ይዞታል። አሻራው ከኮረኮንቹ ተነስቶ እየዞረ ይመጣና አስፋልቱን በሰያፍ ይረግጣል። በአደጋው ምሽት ከተነሳው ፎቶ ጋር አስተያየነው፤ ያው አሻራ ነው።

ከዚያ ልኬት ጀመርን። ልኬት ሲጀመር መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ነገር ይመረጣል። የቆመ መኪና፣ ድንጋይ፣ የዛፍ ጥላ አይሆንም። እኛ ከኮረኮንቹ አፍ በፊት ያለውን የመብራት ምሰሶ «ዜሮ» አልነው። ከዚያ እያንዳንዱን ነገር በሁለት ቁጥር ያዝን፦ ከምሰሶው ወደ ፊት ስንት ሜትር፣ ከአስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ ወደ ውስጥ ስንት ሜትር። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ማንም ሰው ቢሮው ተቀምጦ ቦታውን በወረቀት ላይ መልሶ መሳል ይችላል።

የኮረኮንቹ አፍ ከ6 እስከ 13 ሜትር ያለውን ይይዛል። የፒካፑ ጎማ አሻራ ከጭቃው ወጥቶ አስፋልቱን የሚረግጠው 18 ሜትር ላይ ነው። ይቺን 18 ቁጥር ያዟት፤ በኋላ ዋና ነገር ትሆናለች።

ከፎቶ ላይ ርቀት ማውጣት

በአደጋው ምሽት 9 ፎቶ አንስታለች። 6ቱ የተሰባበረው መብራት በቅርብ የተነሳበት ነው። ለጥገና ግምት ይጠቅማሉ፤ የት እንደሆነ ግን አይናገሩም። 3ቱ ከራቅ ብሎ የተነሱ ናቸው። ምሰሶው፣ የመሀል መስመሩ፣ መኪኖቹና መንገዱ አብረው ይታያሉ። ጉዳዩን ያዳኑት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

የመሀል መስመሩ የተቆራረጠ ነጭ ሰረዝ ነው። ቦታው ላይ ለካነው። አንዱ ሰረዝ 3 ሜትር፣ ክፍተቱም 3 ሜትር ሆነ። የመጀመሪያው ሰረዝ ከምሰሶው ትይዩ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት መንገዱ ራሱ ሜትር ሆነልን። ፎቶው ላይ የጎማው ጭረት የሚጀምረው ሁለተኛው ሰረዝ ከሚጀምርበት ትይዩ ነው፤ ማለትም 6 ሜትር ላይ። ጥንቃቄው አንድ ነው። ፎቶ ላይ ሩቅ ያለ ነገር ይጨመቃል፤ ስለዚህ ርቀትን በጣት መለካት አይቻልም። ምልክቱን በቀጥታ ጎኑ ካለው ሰረዝ ጋር ብቻ ነው ማነጻጸር ያለብን። እንዲህም ሆኖ ግማሽ ሜትር ያህል ስህተት ይኖረዋል፤ መግለጫው ላይም ይህንኑ ጻፍን።

ጭረቱ 17 ሜትር ላይ ድንገት ወደ ግራ ይሰበራል። እዚያው ቦታ፣ ከቀኝ ጠርዝ 1.5 ሜትር ገባ ብሎ፣ የጭቃ ክምር ወድቋል። የመኪና ሆድ ሥር የተጋገረ ጭቃ ግጭት ሲኖር ይራገፋል። ፍንጥርጣሪ መስታወት ወደ ፊት ይበተናል፤ ስለዚህ የግጭት ቦታ ለማወቅ አይታመንም። ከሥር የሚረግፍ ጭቃ ግን ግጭቱ ካለበት ብዙ አይርቅም። የጭረቱ ስብራትና የጭቃው ክምር አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ የተጋጩበትን ቦታ አገኘን ማለት ነው።

እንግዲህ ያቺን 18 እናምጣት። ግጭቱ 17 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ የነበረው የፒካፑ ጭራ ነው። የኋላ ጎማው ከጭራው 1 ሜትር ያህል ይቀድማል። ስለዚህ ሲመታ የቀኝ የኋላ ጎማው 18 ሜትር አካባቢ ነበር። ያ ደግሞ ጎማው ከጭቃው ወጥቶ አስፋልቱን የረገጠበት ቦታ ነው። የኋላ ጎማው ገና አስፋልት እየረገጠ ያለ መኪና «ታጥፌ ጨርሻለሁ» ማለት አይችልም።

ከጭረቱ ሌላም ነገር ተገኘ። የቀኝ ጎማዋ ጭረት ከቀኝ ጠርዝ 1 ሜትር፣ የግራው 2.5 ሜትር ላይ ነው። ረድፉ 3.5 ሜትር ነው። መሀል ለመሀል፣ በራሷ ረድፍ ውስጥ ነበረች።

መኪኖቹ ላይ ያለው ጉዳት

«ፊቴ ተጎድቷል» የሚለውን ትተን ጉዳቱን እንደ ካርታ ጻፍነው። ከሁሉ በላይ የገባው የቀኝ የፊት መብራቱ ያለበት ቦታ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሄዷል። የፓራውልቱ ቀኝ ግማሽ ተሰብሯል። የቀኝ ፓራፋንጎ ታጥፏል። የራዲያተሩ ቀኝ ጫፍ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ኮፈኑ በቀኝ በኩል ተጨማዷል። በግራ በኩል ኮፈኑ ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተት ሰፍቷል፤ ግን አንድም ጭረት የለም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለብዙ ሰው ግልጽ አይደለም። ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሌላው መኪና በቀጥታ የነካው ነው፤ ጭረት፣ የሌላው ቀለም፣ የተሰበረ ፕላስቲክ ይኖረዋል። ሌላው ሳይነካ በግፊቱ ብቻ የተጣመመ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «ፊቱ በሙሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ፊት ለፊት የተጋጨ ያስመስለዋል። እሷ ግን የተነካችው ቀኟን ብቻ ነው።

ፒካፑን የኢንሹራንሱ ገማች ባለበት አየነው። የግራ የኋላ መብራቱ ረግፏል። የጭነት ሳጥኑ ግራ ማዕዘን ገብቷል። ወሳኙ ነገር ማዕዘኑን አልፎ ጎኑ ላይ ያለው ነበር። የግራ ጎኑ ቆርቆሮ፣ ከመብራቱ ወደ ጎማው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ድረስ፣ ወደ ውስጥ ተሰርጉዷል። የእሷም ቀለም አለበት። የኋላ በሩ ቀኝ ግማሽ ደግሞ ንጹህ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄድ መኪና ከኋላ ሲገጭ የኋላ ፊቱ ይገባል እንጂ ጎኑ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ጎኑ የሚመታው ጎኑን ለሚመጣው መኪና የሰጠ ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ ገማቹ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። የእሷ ፓራውልት ጎልቶ የወጣው ጠርዝ ከመሬት 52 ሴንቲ ሜትር ነው። ፒካፑ ላይ ያለው ጭረት ግን 46 ላይ ነው። «አይገጥምም» አለ። መልሱ ፍሬኑ ነው። ፍሬን በኃይል ሲያዝ መኪና አፍንጫውን ይደፋል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። 6 ሴንቲ ሜትሩ ልዩነት እሷን ከመጣል ይልቅ ሲጋጩ ፍሬን ላይ እንደነበረች አሳየላት። እኛ ከፍታውን ባንለካ ኖሮ ይህ ጥያቄ ፋይሉ ውስጥ ያለ መልስ ይቀር ነበር።

ፍጥነቱ

«40 እንደነበር በምን አወቅሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «መሰለኝ» አለች። ጌጁን አላየችም። በዚያች ሰዓት ማንም አያይም።

ጭረቱን ይዘን ጀመርን። ጎማ ተቆልፎ ሲንሸራተት መኪናው የሚያጣው ፍጥነት በዚህ ይሰላል፦

```
v = √(2 × μ × g × d)
```

μ ጎማና መንገድ የሚያያዙበት ልክ ነው፤ g የመሬት ስበት ነው፣ 9.8፤ d የጭረቱ ርዝመት በሜትር ነው። ጭረቱ ከ6 እስከ 17፣ ማለትም 11 ሜትር ነው። ለእርጥብ አስፋልት μን 0.5 ብንል መልሱ በሰከንድ 10.4 ሜትር ይወጣል። በ3.6 ሲባዛ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ይሆናል። μ 0.4 ቢሆን 33፣ 0.55 ቢሆን 39 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከ33 እስከ 39 ብለን ያዝነው።

ብዙ ሰው እዚህ ይቆማል፤ ስህተትም ይሠራል። ይህ ቁጥር መኪናዋ በጭረቱ ላይ ያጣችው ፍጥነት ነው። ጭረቱ ያለቀው ግን ቆማ ሳይሆን ተጋጭታ ነው። ስትጋጭ የቀራት ፍጥነት አልገባበትም። ስለዚህ መነሻ ፍጥነቷ ከዚህ ይበልጣል። ሁለቱ ደግሞ ዝም ብለው አይደመሩም፤ የሚደመረው የእያንዳንዳቸው ካሬ ነው። መነሻዋ 40 ቢሆን ኖሮ ስትጋጭ የቀራት 15 ብቻ በሆነ ነበር። በ15፣ ያውም ወደፊት እየሸሸ ያለ ፒካፕ ላይ፣ ያ ሁሉ ብረት አይጨማደድም። 40 የሚለው አልሄደም።

ከመገናኛው ትንሽ ቀደም ብሎ ያለ አንድ ህንጻ ካሜራ አለው። ባለቤቱን ለምነን ቪዲዮውን አገኘን። እዚህ ላይ ቀን ማሳለፍ አይገባም፤ ብዙ ካሜራ አሮጌውን እያጠፋ ነው የሚቀዳው። ቪዲዮው ግጭቱን አያሳይም፤ መኪናዋ ፍሬን ከመያዟ በፊት ስታልፍ ብቻ ያሳያል። ለፍጥነት ግን ይህ ይሻላል። የእግረኛ ማቋረጫው ጠርዝና አንድ ምልክት የተተከለበት ብረት ይታያሉ። በመሀላቸው ያለውን ለካነው፤ 26 ሜትር ነው።

የቪዲዮው ማዕዘን ላይ ያለው ሰዓት በሰከንድ ነው የሚቆጥረው፤ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ስለዚህ ምስሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርን። ካሜራው በሰከንድ 25 ምስል ይቀዳል። የፊት ጎማዋ ከመጀመሪያው ምልክት ሁለተኛው ጋ ለመድረስ 51 ምስል ፈጀ፤ 2.04 ሰከንድ ማለት ነው። 26 ለ2.04 ሲካፈል በሰከንድ 12.7 ሜትር፣ በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ምስልና ግማሽ ሜትር ብንሳሳት እንኳ ከ44 እስከ 48 ባለው ውስጥ ነው።

በ46 መጥታ በጭረቱ 37 ካጣች፣ በካሬዎቹ ሲሰላ፣ ስትጋጭ 27 ገደማ ቀርቷታል። ይህ ከጉዳቱ ጋር ይሄዳል። ሁለት የማይተዋወቁ መንገዶች አንድ ቦታ አደረሱን።

አሁን ግን ፈራች። «መጀመሪያ 40 ብያለሁ፤ አሁን 46 ካልኩ ውሸታም አይሉኝም?» አለች። ፍርሃቷ ይገባኛል። እኔ የነገርኳት ይህንን ነው፦ ወሰኑ 50 ነው፤ 46 አይጎዳሽም። የሚጎዳሽ ከማስረጃው ጋር የማይሄድ 40 ነው። ማረሚያውን ራስሽ ጻፊ፤ ሌላ ሰው እስኪያገኘው አትጠብቂ።

እንደገና የተጻፈው

ዋናው ክፍል እንዲህ ሆነ፦

«ርቀቶቹ የተለኩት ከመገናኛው በፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ነው። የጭረቱ ርቀቶች ከፎቶ የተወሰዱ ስለሆኑ እስከ ግማሽ ሜትር ሊዛነፉ ይችላሉ። ዝናብ አባርቶ አስፋልቱ እርጥብ ነበር። መሸት ብሎ የመንገድ መብራት ገና አልበራም፤ የእኔ የፊት መብራት በርቷል። ከቀኝ ጠርዝ 1 እና 2.5 ሜትር ላይ ያሉት የጎማዎቼ ጭረቶች ከ6 እስከ 17 ሜትር ይዘልቃሉ። 17 ሜትር ላይ ጭረቱ ወደ ግራ ይሰበራል፤ እዚያው የረገፈ ጭቃ አለ። የእኔ የፊት ቀኝ ማዕዘን ከፒካፑ የኋላ ግራ ማዕዘንና ግራ ጎን ጋር የተጋጨው እዚህ ነው። የፒካፑ የቀኝ የኋላ ጎማ አሻራ ከጭቃው ወጥቶ አስፋልቱን የሚረግጠው 18 ሜትር ላይ ነው። ከግጭቱ በኋላ የእኔ መኪና 22 ሜትር ላይ፣ ፒካፑ 31 ሜትር ላይ ቆሙ። የፖሊሱ ፕላን የሚያሳየው ይህን የቆሙበትን ቦታ ነው። በመጀመሪያው መግለጫዬ ፍጥነቴን 40 ያልኩት ጌጁን ሳላይ በግምት ነበር። ከቪዲዮው የተሰላው ከ44 እስከ 48 ነው። ፒካፑ ምልክቱ ጋ ቆሞ እንደነበር ወይም እንዳልነበር አላየሁም።»

«ድንገት» የለም። «ጥፋቱ የእሱ ነው» የለም። ከጽሑፉ ጋር በእጅ የተሳለ ንድፍ፣ ሦስቱ ሰፊ ፎቶዎችና ቪዲዮው ተያያዙ።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ተከራክረን ነበር። «አልቆመም» ብላ መጻፍ ፈለገች። አየሽው ወይ ስላት አላየችም። ያላዩትን መጻፍ ያዩትንም ያስጠረጥራል።

ውጤቱ፣ ያልተሳካውም

ፋይሉ ተከፈተ። ሁለቱ ኢንሹራንሶች ተነጋግረው 80 በመቶው በፒካፑ በኩል፣ 20 በመቶው በእሷ በኩል እንዲሆን ተስማሙ። 20ው የተያዘባት መንገዱ እርጥብ፣ ሰዓቱ የመሸ ሆኖ ሳለ ወደ መገናኛ ስትቀርብ ፍጥነቷን አልቀነሰችም ተብሎ ነው። ቅር ብሏታል። እኔ ግን አግባብ ነው ባይ ነኝ፤ ወሰኑ 50 ነው ማለት በእርጥብ መንገድም 50 ይነዳል ማለት አይደለም።

ያልተሳኩ ነገሮች ነበሩ። አንድ የዓይን ምስክር ነበር፤ «በጣም እየበረረች ነበር የመጣችው» አለ። በጎን ቆሞ ያየ ሰው የመኪና ፍጥነት መገመት ይከብደዋል፤ የፍሬን ጩኸትና የግጭት ድምፅ ፍጥነቱን ያበዛበታል። ምስክሩን ለመሞገት አንድ ቀን ሙሉ አጠፋን፤ ምንም አልፈየደም። ቪዲዮው ሲገባ የምስክሩ ቃል በራሱ ወደ ጎን ተወ።

የፒካፑን ፍጥነት ለማስላትም ሞክሬ ነበር። ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1.5 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከዚያ ጭረቱን ለመጨረስ 1 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ካየችው ጀምሮ እስኪጋጩ 2.6 ሰከንድ ያህል ነው። ፒካፑ በዚያ ጊዜ 10 ሜትር ገደማ ሄዷል። ከቆመበት የተነሳ መኪና ይህን ያህል ለመሄድ ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። ሳይቆም እንደወጣ የሚጠቁም ይመስላል። ግን ሁሉም ነገር ቶሎ አየችው በሚል ግምት ላይ ነው የቆመው። ዘግይታ አይታው ከነበረ ስሌቱ ይፈርሳል፤ እንዲያውም በእሷ ላይ ይዞራል። ከመግለጫው አወጣሁት።

ለሌላ አደጋ የሚሆን

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ለሚጠይቁኝ ሰዎች መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ ፎቶ ነው። ሰው ከተጎዳ ወይም የሚመጣ መኪና አደጋ ከፈጠረ ፎቶ ይቆየው። ደህና ከሆነ ግን መኪኖቹ ሳይነሱ፣ የተሰበረው መብራት ጋ ከመጠጋታችሁ በፊት፣ 20 ርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ከሁለቱም አቅጣጫ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገርና የመንገዱ ቀለም አብረው እንዲገቡ አድርጋችሁ አንሱ። የተሰበረው መብራት ነገም ተሰብሮ ነው የሚያድረው። መንገዱ ላይ ያለው ጭቃና ጭረት ግን አያድርም።

ብዙ አዲስ መኪና ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን አለው። ያ ሲሆን ጭረቱ ደብዛዛና የተቆራረጠ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። ጭረት የለም ማለት ፍሬን አልተያዘም ማለት እንዳልሆነ መግለጫው ላይ መጻፍ ተገቢ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ከላይ ያለው ስሌትም በቀጥታ አይሠራም። ቪዲዮ ወይም የአየር ከረጢቱ መቆጣጠሪያ የሚይዘው መረጃ ይፈለጋል፤ ብዙዎቹ ከግጭቱ በፊት ያሉትን 5 ሰከንዶች ያህል ፍጥነትና ፍሬን ይመዘግባሉ። መኪናው ከመጠገኑ በፊት ገማቹን በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ጌጁን አይታችሁ ከሆነ «ጌጁ ላይ 50 አይቻለሁ» በሉ እንጂ «50 ነበርኩ» አትበሉ። ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ዝቅ አድርጎ ማሳየት አይፈቀድለትም። ካላያችሁ ደግሞ ቁጥሩን በግምት አትሙሉት። ፎርሙ ላይ የፍጥነት ሳጥን ስላለ ብቻ እሷ 40 ብላ ሞላችው። «ጌጁን አላየሁም፤ ከወሰኑ በታች እንደነበርኩ ይሰማኛል» ብላ ብትጽፍ ኖሮ በኋላ የምታርመው ነገር አይኖርም ነበር።